ረቡዕና ዓርብ የሚወርደው መስመር፦ ስለ ተንቀሳቃሽ አማካይና ስለ ተጠራቃሚ ድምር የሚባሉ ስህተቶች

ከእንጦጦ ወዲያ፣ በሱሉልታ መንገድ ዳር፣ ከገበሬ ወተት ተረክበው ለሰፈሩ ሰውና ለካፌዎች የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ። የእንዲህ ዓይነት ሱቅ የዕለት ሽያጭ በመስመር ግራፍ ሲሳል የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። በጾም ቀን ይወርዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ይሰቀላል። ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹን ያመቻቸሁለት አንድ ሳምንት ይኸውና፦ ሰኞ 66 ሊትር፣ ማክሰኞ 64፣ ረቡዕ 34፣ ሐሙስ 68፣ ዓርብ 32፣ ቅዳሜ 80፣ እሁድ 76። ድምሩ 420 ነው፤ በቀን አማካይ 60 ይሆናል።

ሳምንቱ እንዲሁ እየተደጋገመ ይሄዳል እንበል። ሽያጩ አላደገም፣ አልቀነሰም። ጥርሱን ለማለስለስ በየቀኑ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት አማካይ እየወሰድን ሌላ መስመር እንሳላለን፤ ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ይህ ነው። ሽያጩ ስላልተለወጠ ይህ የተስተካከለው መስመር ቀጥ ብሎ 60 ላይ መሄድ አለበት።

«የስንት ቀን አማካይ እንደምወስድ ለውጥ የለውም። ቀኑ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይለሰልሳል።»

እስቲ እናስላው። የ5 ቀን አማካይ ብንወስድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው 52.8 ይመጣል። ከሐሙስ እስከ ቀጣዩ ሰኞ ያለው ደግሞ 64.4 ነው። በሱቁ ምንም ሳይለወጥ መስመሩ በ12 ሊትር ገደማ ይወዛወዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ አምስት ቀን ሁለቱንም የጾም ቀን ይዟል፣ ሌላው ግን ዓርብን ብቻ።

ወደ 10 ቀን ከፍ ብንል ችግሩ አይጠፋም። እንደ መነሻው ቀን አማካዩ ከ55.4 እስከ 64.2 ይዋልላል። 7 ቀን ሲሆን ግን ከየትም ብንጀምር አንድ ረቡዕ፣ አንድ ዓርብ፣ አንድ ቅዳሜ አለን። ውጤቱ ሁልጊዜ 60 ነው። 14 እና 21ም እንዲሁ ይሠራሉ። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር የሚመረጠው ከገበያው ዑደት ነው፤ የሳምንት ዑደት ላለው ንግድ 7 ወይም የ7 ብዜት።

በኤክሴል ቀኑ በአምድ A፣ ሊትሩ በአምድ B ከሁለተኛው ረድፍ ከጀመረ፣ C8 ላይ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=AVERAGE(B2:B8)
```

ኤክሴል ግራፉ ላይ በራሱ የሚያስገባው Moving Average ግን Period የሚለውን 2 አድርጎ ነው የሚጀምረው። ሳይቀይሩት የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ የሁለት ቀን አማካይ ደግሞ መጋዙን ትንሽ ያደነዝዘዋል እንጂ አያስወግደውም።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ጥርሱ ራሱ ይቀንሳል። ያኔ ጥሬው መስመር መለስለሱ አያስገርምም።

«መስመሩ ዛሬ ወርዷል። ስለዚህ ዛሬ ገበያ አልነበረም።»

አይ፣ የግድ አይደለም። በየቀኑ አዲስ ቀን ሲገባ፣ ከሳምንት በፊት የነበረው ያው ቀን ከስሌቱ ይወጣል። መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው የሁለቱ ልዩነት ለ7 ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። የዚህ ሳምንት ቅዳሜ 73 ሊትር ተሸጠ እንበል። ከአማካዩ ከ60 በላይ ነው፤ ደህና ቀን ነበር። ያለፈው ቅዳሜ ግን 80 ነበርና መስመሩ በ1 ሊትር ይወርዳል። በተቃራኒው ረቡዕ 41 ቢሸጥ፣ ሱቁ ጭር ብሎ እየዋለ መስመሩ በ1 ይወጣል።

የበዓል ዋዜማ ላይ ይህ በጣም ይታያል። አንድ ቀን ሽያጩ እጥፍ ድርብ ሲሆን መስመሩ ዘሎ ለሳምንት ያህል ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ከዚያ በስምንተኛው ቀን ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ በስምንተኛው ቀን ሱቁ ውስጥ የሆነ ነገር የለም፤ ዋዜማው ከስሌቱ ስለወጣ ነው። ስለዚህ መስመሩ ድንገት ሲሰበር መጀመሪያ የማየው ከሳምንት በፊት የነበረውን ቀን ነው።

«የተስተካከለው መስመር አሁን ያለሁበትን ያሳየኛል።»

ያሳያል፣ ግን ዘግይቶ። ዐቢይ ጾም ሰኞ ገባና ሽያጩ በቀን ወደ 20 ሊትር ወረደ እንበል። የሰኞ ምሽት አማካይ 53.4 ይላል። ሐሙስም 38.3 ላይ ነው። እውነተኛው 20 ላይ የሚደርሰው እሁድ ነው። በመስመሩ ብቻ የሚመራ ሰው ከገበሬ የሚረከበውን ወተት የሚቀንሰው ዘግይቶ ነው፤ ወተት ደግሞ አይጠብቅም።

አማካዩን ከሰባቱ ቀን መጨረሻ ይልቅ መሃሉ ላይ፣ ማለትም አራተኛው ቀን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ መስመሩ ከትክክለኛው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ዋጋው ግን ሁለት ነው፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ባዶ ይሆናሉ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሦስት ቀን በፊትም መስመሩ መውረድ ይጀምራል። ያለፈውን ዓመት ለመመርመር ይህ ይሻላል። ለነገ ወተት ለመወሰን ግን የመጀመሪያውን ይዤ፣ ጥሬውን መስመር በቀጭኑና በደብዛዛ ቀለም ከሥሩ እተወዋለሁ። ድንገተኛ ለውጥ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

«ያልተጻፈ ቀን ቢኖር ኤክሴል ራሱ ይዘለዋል።»

ችግሩም እሱ ነው። ረቡዕ ሳይመዘገብ ቢቀር AVERAGE በስድስት ቀን ያካፍልና 64.3 ይሰጣል። ጾም ቀኑ ስለጎደለ ብቻ ሽያጩ ያደገ ይመስላል። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ 0 ይጻፍ። ተረስቶ ከሆነ ባዶ ይቅር፣ አማካዩም አይታይ፦

```
=IF(COUNT(B2:B8)=7,AVERAGE(B2:B8),NA())
```

«ተጠራቃሚ ድምሩ ሽቅብ እየሄደ ነው፤ ንግዱ እያደገ ነው ማለት ነው።»

ተጠራቃሚ ድምር የትናንቱ ላይ የዛሬውን እየጨመረ ስለሚሄድ፣ አንድ ሊትር ብቻ ቢሸጥም ይወጣል። በዐቢይ ጾምም ይወጣል። የሚታየው ዳገቱ ነው፤ በሳምንት 420 ሲጨምር የነበረው በጾሙ 140 ብቻ ይጨምራል፣ መስመሩም ይዘምማል። ቀመሩ አጭር ነው፤ የዶላር ምልክቱ መነሻውን ይቸነክረዋል፦

```
=SUM(B$2:B2)
```

ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ጥቅሙ የሚወጣው ሌላ መስመር አጠገቡ ሲሆን ነው። ከገበሬ የተረከቡትንም እንዲሁ እየደመሩ በአንድ ግራፍ ላይ ይሳሉት። በጾሙ በቀን 60 ተረክቦ 20 የሚሸጥ ሱቅ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት በየቀኑ በ40 ይሰፋል፤ በሳምንት 280 ሊትር ይሆናል። ያ ወደ ቅቤና አይብ መሄድ ያለበት ወተት ነው። በዕለታዊው መጋዝ ውስጥ ይህን ማየት አስቸጋሪ ነው።

ወርን ከወር ለማነጻጸር ድምሩን በየወሩ መባቻ ከዜሮ ማስጀመር ጥሩ ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ትተን ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ይመቻል። ነገር ግን 30 ቀን አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ የሚገባ ወር ትርፍ ቅዳሜና እሁድ ያገኛል፤ በምሳሌያችን 1,836 ሊትር ይደርሳል። ማክሰኞ የሚገባ ወር ግን ትርፉ ማክሰኞና ረቡዕ ነውና 1,778 ላይ ይቆማል። የ58 ሊትሩ ልዩነት የመጣው ወሩ ከገባበት ቀን ብቻ ነው፤ ሻጩን ከመውቀስ በፊት እሱ ይቀነስ።