«ቪዛ ካርድ ነው፣ የትም ይሰራል» እና ሌሎች የሰለቹኝ የአይፎን ወሬዎች

ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከተሰበረ ስክሪን ቀጥሎ የአገሬ ሰዎች ይዘውብኝ የሚመጡት ጣጣ ሁሌም አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተ የአፕል አካውንት፣ አገሩ ግን አሜሪካ። አፕ ስቶር በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፣ ስለዚህ ስልክ ሻጩ አሜሪካ ብሎ ይከፍትልሃል። አገር ቤት እያለህ ነጻ አፕ ስታወርድ ምንም አይታወቅህም። እዚህ መጥተህ ደሞዝህ የሚገባበትን ባንክ አፕ ስትፈልግና ስታጣው ነው ጉዱ የሚገለጠው። ከዚያ በየቤቱ ምክር ይጀመራል፣ ምክሩ ተበላሽቶ ሲያልቅ ደግሞ እኔ ጋ።

«ስልኬ ላይ ሪጅኑን ኤምሬትስ አድርጌዋለሁ እኮ።»

`Language & Region` ውስጥ ገብተሽ ነው። እሱ የቀኑን አጻጻፍና የሙቀት መለኪያውን የመሳሰለውን ነው የሚነካው። ስቶሩ የሚያየው አካውንቱ ላይ የተጻፈውን አገር ነው።

«የዱባይ ሲም ባስገባስ? ቪፒኤን ባበራስ?»

አይሆንም። አይሆንም።

«አገር ከቀየርኩ ፎቶዬ በሙሉ ይጠፋል አሉኝ።»

ማን እንዳለሽ ባውቅ ደስ ይለኛል። ፎቶና የስልክ ቁጥሮች ከስቶሩ አገር ጋር አይገናኙም። ፎቶ የሚጠፋው ሰው ደንግጦ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲደመስስ ነው።

«ካርዴ ቪዛ ነው፣ ያውም የዶላር። የትም ይሰራል ተብያለሁ።»

ይቺን በሳምንት ስንቴ እንደምሰማት አልቆጥርም። አዎ፣ ካርድህ ሱቅ ላይ ይሰራል፣ ኤቲኤም ላይም ይሰራል። እዚያ የሚጠየቀው ገንዘብ አለ ወይስ የለም ነው። አፕ ስቶር ግን አስቀድሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ይህን ካርድ ያወጣው ባንክ የየት አገር ነው? ይህን ለማወቅ አንተን መጠየቅ አያስፈልገውም፣ የካርዱ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የትኛው ባንክ እንዳወጣው ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ባንክ የሰጠህ የዶላር ካርድ ውስጡ ዶላር ቢሆንም የኢትዮጵያ ካርድ ነው። አካውንቱ አሜሪካ ይላል፣ ካርዱ ኢትዮጵያ ይላል፣ ስለዚህ አልቀበልም ይልሃል።

ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? ከኢንተርኔት የኒውዮርክ አድራሻ ፈልጎ ይሞላል። አድራሻ መጻፍ ካርዱን የወለደውን ባንክ አይቀይረውም። እኔ ራሴ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እዚህ ያወጣሁትን ካርድ በአሜሪካው አካውንቴ ላይ ለማስገባት ሁለት ቀን ታግያለሁ። ባንኩ ጋ ስደውል «ካርድዎ ምንም ችግር የለበትም» አሉኝ፣ ስልኩ ደግሞ ካርዱን አይቀበልም። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የኤምሬትስ ካርድ የሚሰራው አካውንቱ ኤምሬትስ ሲሆን ነው።

ጊፍት ካርድም ያው ነው። ዘመድህ ከአሜሪካ የሚልክልህ ኮድ ለአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው፣ እዚህ ሞል ውስጥ በድርሃም የምትገዛው ደግሞ ለኤምሬትሱ። አንድ ልጅ የ200 ድርሃም ካርድ ገዝቶ፣ ፍቆ፣ ኮዱ እምቢ ሲለው ወደ ሱቁ ወሰደው። የተፋቀ ካርድ ማን ይመልስለታል? አካውንቱን እስኪቀይር ድረስ ኮዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ውስጥ አኖረው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አካውንታችሁ የየት አገር እንደሆነ እዩ።

«አንድ ደቂቃ ነው እኮ፣ አሁኑኑ ቀይርልኝ።»

መቀየሪያው እውነትም ቅርብ ነው። `Settings`፣ ከላይ ስምሽ፣ `Media & Purchases`፣ `View Account`፣ `Country/Region`፣ `Change Country or Region`። አገሩን ትመርጫለሽ፣ ውሉን ትቀበያለሽ፣ የአዲሱን አገር ካርድና አድራሻ ትሞያለሽ። ግን ስቶሩ ዕዳም ሆነ ቅሪት ይዘሽ እንድትወጪ አይፈቅድም። ምን ማለት እንደሆነ በአንዲት ሆቴል በምትሰራ ልጅ ጉዳይ ላሳያችሁ። መስከረም ላይ መጣች፣ ሦስት ነገር ይዟታል።

አንደኛ፣ ከድሮ ጊፍት ካርድ የተረፈ 2 ዶላር ከ37 ሳንቲም አለ። ባላንስ ዜሮ ካልሆነ አገር አይቀየርም። የ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ጨዋታ ገዛን፣ 38 ሳንቲም ቀረ። በ38 ሳንቲም የሚገዛ ነገር አላገኘንም። እንዲህ ሲሆን የአፕልን ድጋፍ ሰጪ አነጋግሮ ቅሪቱን ማስሰረዝ ነው፣ እኛም እንደዚያው አደረግን። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ያለ ወንድሟ የአፕል የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አስገብቷታል፣ ከዚያ መውጣት ነበረባት። ሦስተኛው ነው ያሰረን። የእንግሊዝኛ መማሪያ አፕ የዓመት ሰብስክሪፕሽን አላት፣ የሚያልቀው ጥር ላይ። ሰረዝነው። መሰረዝ ግን እንዳይታደስ ያደርጋል እንጂ ወዲያው አያስቆምም፣ የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው። «እንዴ ወንድሜ፣ እስከ ጥር ያለ ባንክ አፕ ልኖር ነው?» አለችኝ።

አይደለም። በሌላ ኢሜይል፣ አገሩ ከመጀመሪያው ኤምሬትስ የሆነ ሁለተኛ አካውንት ከፈትንላት። ከዚያ `Media & Purchases` ውስጥ ያለውን `Sign Out` ብቻ ተጭነን በአዲሱ ገባን። ገጹ መጨረሻ ላይ ያለውን ቀዩን `Sign Out` አትንኩ፣ እሱ ከአይክላውድ ጭምር ነው የሚያስወጣችሁ። ፎቶዋ በአሮጌው አካውንት እንዳለ ቀጠለ፣ የባንኩ አፕ ከአዲሱ ወረደ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ አፕ ሲታደስ የአሮጌውን አካውንት ፓስዎርድ ቢጠይቃችሁ ቫይረስ አይደለም፣ አፑን መጀመሪያ ያወረደው አካውንት ስለሆነ ነው። በአዲሱ አካውንት ላይ አውቶማቲክ ዳውንሎድ አታብሩ። ስልኩ ለግዢ ከአንድ አካውንት ጋር ከተያያዘ ወደ ሌላው ለማዞር 90 ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ የጓደኛችሁን አካውንት «ለአፕ ብቻ» ብላችሁ አይክላውድ ላይ እንዳታስገቡ። ስትጣሉ ስልካችሁን ይቆልፈዋል። አይቻለሁ።

«አካውንቴ አሜሪካ ቢሆን የዋትሳፕ ጥሪ ዱባይ ላይ ይሰራልኛል?»

ጥሪውን የሚዘጋው የአገሩ ኔትዎርክ ነው። ስቶሩ አያውቀውም።

«አንድሮይድ ላይ ግን እንደፈለጉ መቀያየር ይቻላል።»

ጎግል ፕሌይ ላይ አገር የሚቀየረው በዓመት አንዴ ነው። አዲሱ አገር ውስጥ ካልሆንክ ምርጫውም አይመጣልህም፣ የዚያ አገር ካርድም ያስፈልግሃል። የድሮው አገር ባላንስህ እዚያው ይቀራል፣ እስክትመለስ አትነካውም። ለሦስት ሳምንት እረፍት ሄዶ ቀይሮ የተመለሰ ደንበኛ ነበረኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲነጫነጭ ከረመ።

«አሜሪካ ያለ አፕ እዚህም አለ፣ ምን ልዩነት አለው?»

አንድን አፕ የት አገር እንደሚሸጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። ስልክህ ላይ የተጫነው አገር ስለቀየርክ ብቻ አይጠፋም፣ አዲሱ ስቶር ውስጥ ከሌለ ግን ማደሻ ላይመጣልህ ይችላል፣ አንዴ ካጠፋኸውም መልሰህ ላታገኘው ትችላለህ። የተገዛ ፊልምም እንደዚያው ነው፣ ከመቀየርህ በፊት አውርደው። ያቺ የሆቴል ልጅ ጥር ላይ ቀየረች፣ ሁሉም ሰላም ሆነ። በሳምንቱ «ስልኬ ሞላብኝ» ብላ የማትጠቀምባቸውን አፖች ስታጸዳ አሜሪካ ብቻ የነበረ አንድ የገንዘብ መላኪያ አፕ አብራ አጠፋች፣ ያንን እስካሁን አላገኘነውም።