የደበዘዘ የጀርመንኛ ጋዜጣ ቁራጭ ሲተረጐም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጠፋውን ፊደል ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ መገመት ይቻላል።»

በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ፍራክቱር በተባለው የጀርመን የኅትመት ፊደል የታተመ የነጋዴ ማስታወቂያ በእጃችን አለ እንበል። ደብዛዛው ቃል «ዛይነ» ተብሎ ከተነበበ ነጋዴው «ሸቀጦቹን»፣ «ፋይነ» ተብሎ ከተነበበ ደግሞ «ምርጥ ሸቀጦችን» ለገበያ ያቀርባል፤ ሁለቱም ለማስታወቂያ የሚስማሙ ስለሆኑ ሐሳቡ ብቻውን አይፈርድም። ልዩነቱ ያለው በመጀመሪያው ፊደል ላይ ነው። በቃል መጀመሪያና መካከል የሚጻፈው የኤስ ቅርጽ፣ ማለትም ረጅሙ ኤስ፣ ከኤፍ ጋር መንትያ ይመስላል፤ የኤፍ አግድም ጭረት ግን ግንዱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ የረጅሙ ኤስ ጭረት በግራ በኩል ይቀራል። ቀለሙ ተሰብሮ ያች ትንሽ የቀኝ ጭረት ከጠፋች ኤፍ ኤስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በዚያው ቁራጭ ውስጥ ኤፍ መሆኑ የማያጠራጥር ሌላ ፊደል ፈልጎ በአጉሊ መነጽር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የቃል መጨረሻ ላይ ረጅም ኤስ አይጻፍም፤ እዚያ የምናገኘው ረጅም ኤስ የሚመስል ፊደል ኤፍ ነው፣ ለማነጻጸርም አስተማማኙ እርሱ ነው። ጭረቱ ጨርሶ ካልለየ፣ ትርጉሙ ላይ ሁለቱን ንባብ በቅንፍ ማስቀመጥ ከመገመት ይሻላል።

«ደብዛዛውን ፎቶ ኮፒ ላይ ማጥቆር ይበቃል።»

ማጥቆር እድፉንና ከጀርባው የሚያሳልፈውን ኅትመትም አብሮ ያጠቁራል። ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አድርጎ ፎቶ ማንሳት የጀርባውን ጽሑፍ ጥላ በእጅጉ ይቀንሳል።

«እያንዳንዱን መስመር በየተራ መተርጐም ሥራውን ያቀልላል።»

ጠባብ ዓምድ ቃላትን በየመስመሩ መጨረሻ ስለሚቆርጥ ይህ አካሄድ ግማሽ ቃል እንደ ሙሉ ቃል ያስተረጉማል። የፍራክቱር መቁረጫ ምልክት ሁለት ዘንበል ያሉ አጫጭር ጭረቶች ሲሆኑ፣ ቀለሙ ሲለቅ ቀድመው ከሚጠፉት መካከል ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ የዓምዱን ሙሉ ግልባጭ በመጀመሪያው ቋንቋ ማዘጋጀትና የተቆረጡትን ቃላት መቀጠል ይገባል፤ ትርጉም የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«የድሮው አጻጻፍ የአታሚው ስሕተት ነው።»

«በር» እና «ሸለቆ» በሚሉት የጀርመንኛ ቃላት ውስጥ ከቲ ቀጥሎ የማይነበብ ኤች ይጻፍ ነበር፤ የቀረው በ1901 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በርሊን ላይ በተደረገ የአጻጻፍ ጉባኤ ውሳኔ ነው። ግልባጩ ላይ እንዳለ ይቀመጥ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈለግ ብቻ ኤቹ ይነሣ።

«ቀኑ በቁጥር ስለተጻፈ አያሻማም።»

የሞት ማስታወቂያ «27» ብሎ ወሩን ሳይጠራ፣ «የዚህ ወር» ወይም «ያለፈው ወር» የሚለውን በሁለት ፊደላት አሳጥሮ ሊጽፍ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የመጀመሪያው ፊደል፣ ዲ ወይም ቪ፣ ብቻ ነው። ጋዜጣው መጋቢት 4 ቀን የወጣ ከሆነ የመጋቢት 27 ገና ስላልደረሰ ሟቹ ያረፈው የካቲት 27 ነው፤ እትሙ የመጋቢት 30 ቢሆን ግን ሁለቱም ይቻላሉ። የእትሙ ቀን ተቆርጦ ከቀረ፣ ቁራጩን ገልብጦ በጀርባው ያሉት ማስታወቂያዎች ስለ ገበያ ወይም ስለ ሐራጅ ቀን የጠቀሱትን መመልከት ይጠቅማል።