የመጽሐፍ ምረቃ ፍላየር ሥር ስለሚጻፈው ጽሑፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፍላየሩ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ካፕሽን ምን ያደርጋል?»

ፍላየር ምስል ነው። ምስል ላይ ያለውን አድራሻ ኮፒ አድርጎ ለጓደኛ መላክ አስቸጋሪ ነው። ቴሌግራም ላይ የመጽሐፉን ርዕስ ጽፎ የሚፈልግ ሰውም ምስል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያገኘውም። ዓይነ ስውራን አንባቢዎች ስልካቸው ጽሑፉን እያነበበላቸው ነው የሚጠቀሙት። ቀኑና ሰዓቱ ምስሉ ውስጥ ብቻ ከሆነ ሳይሰሙት ያልፋል። ምስሉ ደግሞ ሴቭ እየተደረገና እንደገና እየተላከ ሲዞር ጥራቱ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚደበዝዘው ከታች በደቃቁ የተጻፈው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አድራሻውና ስልክ ቁጥሩ ነው።

ካፕሽኑም ብቻውን አይበቃም። ሰው ምስሉን ሴቭ አድርጎ ስታተሱ ላይ ሲለጥፈው ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ርዕሱ፣ የደራሲው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ሁለቱም ላይ ይኑሩ። የፊርማው ሁኔታ፣ ዋጋው፣ መግቢያ በሩና የመሳሰለው ካፕሽኑ ላይ ይሁን።

«መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ጥሩ አድርጌ ልግለጽ፤ ቦታና ሰዓት መጨረሻ ላይ ይመጣል»

ፌስቡክ ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ ያጥፈዋል። ቀሪውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አይነካም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተራ አካውንት ከምስል ጋር የሚያስገባው ጽሑፍ እስከ 1024 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። የመጽሐፉ መግቢያ ተገልብጦ ከተለጠፈ አድራሻው ቦታ ያጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ምን፣ መቼና የት የሚለውን ይጨርሱ። ስለ መጽሐፉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከታች ይበቃል። «እጅግ ተወዳጅ» እና «በጉጉት የሚጠበቀው» የሚሉት ይቅሩ። ታሪኩ የት እንደሚካሄድና ስለ ማን እንደሆነ ብትነግሩት አንባቢው ራሱ ይወስናል።

«8:00 ካልኩ ሀበሻ ሁሉ ይገባዋል»

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው «ከቀኑ 8:00» ግልጽ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ብቻውን ሲቀመጥ ይጀምራል። ብዙ ሰው ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጠቀመው፤ ማስታወሻ ሲሞላም «2:00 PM» እያለ ነው። አንዳንዱ ዲዛይነር ደግሞ ከስልኩ ገልብጦ «ከሰዓት 2:00» ብሎ ይጽፋል። ያን ያነበበ ሰው የቱን ሰዓት እንደሆነ ደውሎ ካልጠየቀ አያውቅም። «ከቀኑ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት ከሰዓቱ ፊት መቅረት የለባቸውም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። «ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም የውጭ እንግዳ የሚያየው ከሆነ ግን አጠገቡ «ኖቬምበር 22፣ 2025» ይጨመር። የሳምንቱ ቀን ሁልጊዜ ይጻፍ፤ ስህተት የሚያጋልጠው እሱ ነው። ዲዛይነሩ 13ን 12 ብሎ ቢጽፍ፣ ቅዳሜ 12 ላይ እንደማይውል የሚያስተውል አንባቢ ይኖራል። «ቅዳሜ» ባይኖር ግን ማንም አይነቃም።

ምረቃው በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ የሌላውን አገር ሰዓት አስሉላቸው። በዚያው ኅዳር 13 አዲስ አበባ ከቀኑ 8:00 ሲሆን ዋሽንግተን ዲሲ ከንጋቱ 12:00 ነው፤ እነሱ 6:00 AM የሚሉት። ዱባይ 3:00 PM ይላል። አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለቴ ስለምትለውጥ የባለፈው ፍላየር ላይ የነበረውን ሰዓት ገልብጦ መጠቀም አያዋጣም። ክረምት ላይ ቢሆን ያው ዝግጅት ዋሽንግተን ላይ 7:00 AM ይሆን ነበር።

ምረቃው እዚያው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ «2:00 PM (በእኛ ከቀኑ 8:00)» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። እናት አንዱን፣ እዚያ ያደገችው ልጇ ሌላውን ታነባለች።

«ሰው ስለሚዘገይ አንድ ሰዓት አስቀድሜ ልጻፍ»

ይህ በሰዓቱ የመጣውን መቅጣት ነው። በ7:00 መጥቶ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው በሚቀጥለው ምረቃ እሱም አርፍዶ ይመጣል። መፍትሔው ሁለት ሰዓት መጻፍ ነው፤ በር የሚከፈትበትና ዝግጅቱ የሚጀመርበት። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሥራ ይኑረው። ሻይ ቡና፣ የመጽሐፍ ሽያጭና ፊርማ ካለበት ቀድሞ የመጣው ሰው ያተርፋል።

«ቦታውን ማን ያጣዋል?»

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ፍላየር አስቡ። ዩኒቨርሲቲው አራት ኪሎም፣ አምስት ኪሎም፣ ስድስት ኪሎም ግቢ አለው። ስድስት ኪሎ ያለው ዋናው ግቢ ብቻውን ሰፊ ነው፤ ውስጡ ከአንድ በላይ አዳራሽ አለ። «ስድስት ኪሎ፣ ዋናው ግቢ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ» ካላችሁ ሰው በሩ ላይ ጥበቃውን መጠየቅ ይችላል። ሰማዕታት ሐውልት ያለበትን የካቲት 12 አደባባይ ደግሞ እንደ ምልክት ጨምሩበት። በታክሲ የሚመጣው ሰው «ስድስት ኪሎ» ብሎ ይወርዳል።

ምልክት ስትመርጡ አሁን መኖሩን እርግጠኛ ሁኑ። ፒያሳን ያየ ያውቀዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤት ስለፈረሰ ድሮ «ከእገሌ ካፌ ፊት ለፊት» ይባል የነበረው ዛሬ ሰው ያሳስታል። የካርታ ሊንክ ካስገባችሁም ከመለጠፋችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት።

ከሁሉ የሚረሳው በሩ ነው። የመንግሥት ተቋም፣ ዩኒቨርሲቲና አንዳንድ ሆቴል ፍተሻ አለው፤ መታወቂያም ይጠየቃል። «መታወቂያ ይያዙ» የሚለው ሁለት ቃል ብዙ ሰው በር ላይ ከመቆም ያድናል። አዳራሹ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለ ይህም ይጻፍ። በዊልቸር የሚመጣ አንባቢ እቤቱ ሆኖ ማወቅ አለበት።

«‹ደራሲው ይፈርማል› ማለት ይበቃል»

ብዙ ፍላየር የሚጎድለው እዚህ ነው። የእኛ አገር ምረቃ እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አለ፣ የመጽሐፉ ዳሰሳ አለ፣ ንባብ አለ፣ ሙዚቃ ወይም ማሲንቆ አለ፣ የክብር እንግዳው ይናገራል። ፊርማው መጨረሻ ላይ ነው። ዝግጅቱ ሲንዛዛ ከሩቅ ሰፈር የመጣው ሰው ታክሲ እንዳይጠፋበት ሳያስፈርም ይወጣል።

ሂሳቡን እንሥራው። ስም ጠይቆ፣ አንድ መስመር ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ፎቶ ተነስቶ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ቢወስድ 100 ሰው አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። አዳራሹ እስከ 12:00 ብቻ የተከራየ ከሆነና ዝግጅቱ 11:00 ላይ ካለቀ፣ ከሰልፉ ቢያንስ 40 ሰው ሳይደርሰው መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ፊርማውን ለሁለት ክፈሉት፤ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ። ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ።

ቀጥሎ ሰው የሚጠይቀውን መልሱ። አስቀድሞ የገዛውን ይዞ መምጣት ይችላል? አንድ ሰው ስንት ቅጂ ያስፈርማል? የቀድሞ መጽሐፎቹንም ይፈርማል? ዋጋው ስንት ነው? የሚከፈለው በቴሌብር ነው፣ በባንክ ዝውውር ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ? አዳራሹ ምድር ቤት ከሆነ ኔትወርክ ሊያስቸግር ይችላል፤ «ጥሬ ብር ቢይዙ ይመረጣል» ማለት ጠቃሚ ነው።

ስም ላይም ችግር አለ። ሰልፍ ላይ ያለችው ሴት «ለፀሐይ» ስትል ደራሲው በየትኛው «ፀ» እንደሚጽፍ አያውቅም። «ኃይሉ» የሚባል ሰውም ስሙ በ«ሀ» ተጽፎ ሲያየው ቅር ይለዋል፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ደግሞ አይሰረዝም። ሽያጩ ጠረጴዛ ላይ ብጣሽ ወረቀት አስቀምጡና ሰው ስሙን ራሱ ጽፎ የሚፈረምበት ገጽ ውስጥ ያስገባው። ካፕሽኑ ላይ «መጽሐፉን የሚያስፈርሙለትን ሰው ስም ጽፈው ይያዙ» ካላችሁ ሰልፉም ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ የሚወስደው ቦታ ይህችን ያህል ነው፦

(የመጽሐፉ ርዕስ)፣ ልብ ወለድ፣ በ(የደራሲው ስም)
ምረቃ፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8:00 (በር 7:00 ይከፈታል)
ቦታ፦ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ። መታወቂያ ይያዙ።
ፊርማ፦ ከ7:00 እስከ 7:45 እና ከ10:00 እስከ 11:30፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ። አስቀድመው የገዙትንም ማስፈረም ይችላሉ፤ ለአንድ ሰው እስከ 3 ቅጂ።
ዋጋ፦ በዕለቱ (…) ብር፣ በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ።
መግቢያ በነጻ ነው።

«የታዋቂ ሰው ስም ካለበት ሰው ይጎርፋል»

እሺ ካሉ ብቻ። «ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል» የተባለው ሰው ሲቀር ታዳሚው የሚያዝነው በደራሲው ነው። ዳሰሳ የሚያቀርበው ሰው ስም ግን ይጻፍ። መጽሐፉን አንብቦ የሚመጣው እሱ ነው።

«ስህተት ካለ ኤዲት አደርገዋለሁ»

የራሳችሁን ፖስት ማስተካከል ትችላላችሁ። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ተደርጎ የሄደው ግን አብሮ አይስተካከልም፤ ሴቭ የተደረገው ምስልም እንደዚያው። ቦታ ወይም ሰዓት ከተለወጠ አዲስ ምስል ሥሩ። ምስሉ ላይ በትልቁ «ቦታው ተቀይሯል» ይበል፤ ቀለሙም ይለወጥ፤ አለበለዚያ ሰው ያው የቀድሞው መስሎት ያልፈዋል። ካፕሽኑ መጀመሪያ አዲሱን፣ ቀጥሎ የቀድሞውን ይጥቀስ። የቀድሞውን ፍላየር ላጋሩ ግሩፖች አዲሱን ራሳችሁ ላኩላቸው። በዕለቱ ደግሞ አንድ ሰው ቀድሞ በታወጀው ቦታ በር ላይ ይቁም፤ ለውጡን ሳይሰማ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።