አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የባቲን ገበያ በአጫጭር ተከታታይ ቪዲዮ

ባቲ የሚገበየው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወረድ ይገኛል። አፋሩ ከቆላ ግመልና ፍየል ይዞ ይወጣል። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ኦሮሞው ደግሞ እዚያው በአገሩ ነው። ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ባቲ ሲደርስ ማድረግ የሚያምረው አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር መቅረጽና ዘፈን ጭኖበት መልቀቅ። ቪዲዮው ይወደድለታል። በማግስቱ ግን ማንም አያስታውሰውም። ሌላ ሰኞ ተመልሶ ያንኑ ቢያነሳ ደግሞ «አይተነዋል» ይባላል።

ተከታታይ ቪዲዮ ከዚህ ይለያል። ተመልካቹ መቼ እንደሚመጣና ሲመጣ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። የሚለዋወጠው በውስጡ ያለው ነገር ብቻ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ የእያንዳንዱ ክፍል አጥንትና የመልቀቂያው ቀን። ወሎ ላይ ለሁለቱም ዝግጁ የሆነ ነገር አለን፤ ሰኞ ገበያውና ቡናው።

ቡና ሦስት ጊዜ ነው የሚጠጣው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ የገበያ ቀን ሦስት ቪዲዮ ይወጣል ብለን እንነሳ። አቦሉ ስለ ዕቃው ወይም ስለ እንስሳው ነው። ቶናው ስለ ሰውየው ነው፤ ሻጩ፣ ደላላው፣ ገመድ ገማጁ። በረካው ስለ ዋጋ ክርክሩ ነው። ሰኞ ይቀረጻል፣ ማክሰኞ ኤዲት ይደረጋል። አቦል ረቡዕ፣ ቶና ዓርብ፣ በረካ እሁድ ይለቀቃል። ስያሜውን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ቶናን ያየ ሰው አቦል እንዳመለጠው ራሱ ያውቃል፣ ወደ ኋላ ሄዶም ይፈልጋል። «ክፍል 14» የሚል ቁጥር ይህን አያደርግም። እንዲያውም አዲስ ሰው ቁጥሩ ሲበዛ ዘግይቻለሁ ብሎ ያልፈዋል።

ለምን በየቀኑ አይለቀቅም? አንድ ሰው ብቻውን ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በእጁ እየጻፈ በሳምንት ሰባት ቪዲዮ ቢያወጣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይደክመዋል። ሦስቱ ግን በአንድ ማክሰኞ ያልቃሉ።

አሁን አንድ አቦል እንሥራ። ጉዳዩ የፍየል ዕድሜ ነው። ገዢ ፍየል ሲያይ መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ፍየል የፊት ጥርስ ያላት በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ ስምንት ናቸው። ግልገል እያለች ሁሉም ትናንሽ የወተት ጥርሶች ናቸው። አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ መሃል ያሉት ሁለቱ ወድቀው ትልልቅ ይተካሉ። በሁለት ዓመት ገደማ አራት፣ በሦስት ስድስት፣ በአራት ስምንቱም ትልልቅ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጥርሱ እየሳሳና እያለቀ ይሄዳል። እንደ መኖው ትንሽ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ይህ ሁሉ በ50 ሰከንድ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ምስል የሻጩ አውራ ጣት የፍየሏን ከንፈር ሲገልጥ ነው። ሰላምታ የለም፣ «ውድ ተመልካቾቻችን» የለም፣ ሎጎም የለም። ጽሑፉ «ይህች ፍየል ስንት ዓመቷ ነው?» ይላል። ይህ 3 ሰከንድ ይወስዳል። ቀጥሎ እስከ 10ኛው ሰከንድ ድረስ ዙሪያውን የቆሙ ሁለት ሰዎች ይገምታሉ፤ አንዱ «ሁለት» ሲል ሌላው «ኧረ አራት ሞልቷታል» ይላል። ከ10 እስከ 35 ሻጩ ጥርሱን በጣቱ እየቆጠረ ያስረዳል። 35 ላይ መልሱ ይመጣል። 40 ላይ ዋጋዋ ከቀኑ ጋር በጽሑፍ ይወጣል። መጨረሻዎቹ 5 ሰከንዶች ላይ ሻጩ ዞር ሲል ጀርባው ይታያል፤ ጽሑፉም «ቶና ዓርብ» ይላል።

የሚቀጥለው ሳምንት አቦል ስለ ግመል ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ቅቤ ቢሆን አጥንቱ ያው ነው፤ እጅ፣ ጥያቄ፣ ግምት፣ ማብራሪያ፣ መልስ፣ ዋጋ፣ ቀጠሮ። ይህን በአንዲት ወረቀት ጽፎ ሰኞ ጠዋት ኪስ መክተት ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ያለ ወረቀት ሄጄ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይዤ ተመለስኩ። ማክሰኞ ሳየው የግምቱ ክፍል ጭራሽ አልተቀረጸም። ፍየሏ ደግሞ ተሸጣ ሄዳለች።

ስልክን አቁሞ ሲቀርጹ ምስሉ 9 ለ16 ነው፤ 1080 በ1920 ይበቃል። ይህ ጠባብ በር ነው። ገበያ ደግሞ ወደ ጎን ሰፊ ነው። ስለዚህ ያ ከፍታ ላይ የሚነሳው ምስል በቁም ሲሆን ግማሹ ሰማይ ግማሹ አቧራ ይሆናል። በቁም የሚያምረው ቆሞ የሚታይ ነገር ነው፤ የግመል አንገት፣ ከጀበና የሚወርድ ቡና፣ ዘንቢል የተሸከመች ሴት፣ ሁለት እጆች። የገበያውን ብዛት ለማሳየት ከተፈለገ በሁለት ረድፍ መካከል ገብቶ ስልኩን ወደ ፊት እያራመዱ መሄድ ይሻላል። ጽሑፉም ቦታ አለው። ቲክቶክም ሆነ ሪልስ ወይም ሾርትስ ከታች የራሳቸውን መግለጫ፣ በቀኝ የልብና የኮሜንት ምልክቶችን ይደረድራሉ። ዋጋውን ታች ከጻፍከው ማንም አያየውም። ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከቀኝ ጠርዝ ራቅ ብሎ ይጻፍ። ፊደሉ በመተግበሪያው ውስጥ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ ግዕዝ አያውቅም ማለት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዶ ማስገባት ይፈታዋል።

ጽሑፍ እዚህ ጌጥ አይደለም። ባቲ ላይ አንድ ክርክር በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና አፋርኛ ጣልቃ ይገባበታል። ሰውየው በለመደው ቋንቋ ሲናገር ይሻላል፤ ትርጉሙን በጽሑፍ ማውጣት የኛ ሥራ ነው። የማናውቀውን ቋንቋ ግን በግምት አንተረጉምም። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ለሚያውቅ ሰው ማሰማት ግድ ነው። አንዴ በግምት ከተጻፈ ኮሜንቱ ሁሉ ስለ ስህተቱ ይሆናል።

ሰዓቱ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ቪዲዮ ቀጠሮ የሚያስይዙ መተግበሪያዎች የሚያውቁት የፈረንጅ ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቅ ብሎ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ቪዲዮው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ አገሩ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይወጣል። በትክክል የሚሞላው 20:00 ነው። ማታ 2 ሰዓት የተመረጠበትም ምክንያት አለው። እዚህ ሥራና እራት ያለቀበት፣ ሰላትም የተሰገደበት ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ላለው የወሎ ልጅ ደግሞ በበጋቸው ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው እኩለ ቀን ይሆናል፤ የምሳ እረፍት ነው። ረመዳን ሲገባ ግን ይህ ይቀየራል። ከተራዊህ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል፣ ቡናውም የሚጠጣው ያኔ ነው።

ሁለት ሳምንት ከሄደ በኋላ የሚታየው የላይክ ብዛት አይደለም። መተግበሪያው ውስጥ ሰው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንደቆየ የሚያሳይ መስመር አለ። መስመሩ 3ኛው ሰከንድ ላይ ከተሰበረ ጥፋቱ የመነሻው ምስል ነው፤ አውራ ጣቱ ከንፈሩን ከመግለጡ በፊት የሆነ ነገር ገብቷል። 20ኛው ላይ ከተሰበረ ማብራሪያው ረዝሟል፤ ሻጩ ከሁለት ጥርስ ወደ አራት ጥርስ የሚሄድበትን መሃል መቁረጥ ነው። 40 ላይ ቢሰበር ችግር የለም፤ ሰው መልሱን አግኝቶ ሄዷል። እዚህ ላይ የብዙዎች ስህተት አንድ ቪዲዮ ሳይታይ ሲቀር አጥንቱን ሁሉ መቀየር ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቀይሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ማየት ይሻላል፤ አለበለዚያ ምን እንዳሻሻለው አይታወቅም።

የሚያቋርጡ ነገሮችም አሉ። ባቲ ይሞቃል፤ ቀትር ላይ ስልክ ይግልና ካሜራው ራሱን ይዘጋል። ጠዋት 3 እና 4 ሰዓት መሃል ቀርጾ መጨረስ፣ ጥላም መያዝ ነው። ንፋሱን ተራ ባለ ገመድ የኮት ማይክራፎን ላይ ትንሽ ስፖንጅ በማድረግ መቀነስ ይቻላል። መንገድ የሚዘጋበት ሰኞም አለ። ኔትወርክም እንደዚሁ፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ስለዚህ ስድስት ቪዲዮ፣ ማለትም የሁለት ሳምንት ስንቅ፣ ሁልጊዜ በመጠባበቂያ ይቀመጣል። ስንቁ ውስጥ ዋጋ አይገባም። የወር ያለፈ የፍየል ዋጋ ለቀህ ሰው አምኖህ ባቲ ቢወርድ ሻጩ ይስቅበታል፣ እሱ ደግሞ አንተን ይረግማል። ስለ ጥርስ፣ ስለ ገመድ አገማመድ፣ ስለ ጀበና የተሠሩት ግን አይሻግቱም።

ፈቃድ መጠየቅ የሚረሳው ብዙ ነው። «እማማ፣ እጅዎን ብቻ ልቅረጽ?» ሲባል እሺ የሚሉ እናት ፊታቸውን አይሰጡም ይሆናል። እጅ ይበቃል፤ የአቦሉ አጥንት ከእጅ የሚጀምረውም በከፊል ለዚህ ነው። አልፈልግም ያለ ሰው ከኋላ በስህተት ከገባ ያ ቁራጭ ይጣላል። በሚቀጥለው ሰኞ እዚያው ቦታ መመለስህ አይቀርም።

የመጨረሻው ውሳኔ ስንት ሰኞ የሚለው ነው። ማለቂያ የሌለው ተከታታይ ሳይታወቅ ይሞታል። አሥር ሰኞ ማለት ሠላሳ ቪዲዮ ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከተጀመረ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ዝናቡ አልፏል፣ አዲሱ እህል ገበያ ይወጣል። ከዚያ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል። የገናው ሰሞን ገበያ ለብቻው ይቀረጻል፤ እሱ አቦልም ቶናም አይደለም፣ እንግዳ ሲመጣ እንደገና የሚፈላ ቡና ነው።