ጡረታህን ባንድ ቼክ ስትወስድና በየወሩ ስትቀበል ታክሱ እንዴት ይለያያል? (አሜሪካ ላላችሁ)

ድርጅቱ «ወይ 150,000 ዶላር ባንዴ ውሰድ፣ ወይ እድሜ ልክህን በየወሩ 900 ዶላር» ሲልህ፣ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ሁለቱም እንደ ደሞዝ ገቢ ታክስ እንደሚከፈልባቸው ነው፣ ልዩነቱ ብሩ በስንት አመት ተከፋፍሎ ይቆጠራል የሚለው ላይ ነው።

በ2024 ህግ እናስላው። ሰውየው 66 አመቱ ነው፣ ነጠላ ፋይል ያደርጋል፣ ሌላ ገቢ የለውም እንበል። በየወሩ ከወሰደ የአመቱ ገቢ 10,800 ይሆናል፣ ታክስ የማይነካው 16,550 ስለሆነ የፌደራል ታክሱ ዜሮ። ባንዴ ከወሰደ ግን 150,000ው በሙሉ የዛ አመት ገቢ ነው፣ ከላይ ያለው ክፍል 24% ድረስ ይገባና 25,000 ዶላር አካባቢ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው ፕላኑ ለታክስ ብሎ አስቀድሞ የሚቆርጠው 20% ላይ ነው። ቼኩ በስምህ ከተጻፈ 30,000 ተቆርጦ 120,000 ነው የሚደርስህ፣ ይሄ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ የመጨረሻው ታክስ አይደለም፣ ፋይል ስታደርግ ይስተካከላል። ሀሳብህን ቀይረህ ሙሉውን አይአርኤ የሚባለው የግል የጡረታ ቁጠባ አካውንት ውስጥ ላስገባ ብትል ግን 60 ቀን ነው ያለህ፣ የተቆረጠውን 30,000 ደግሞ ከኪስህ መሙላት አለብህ፣ ካልሞላህ እሱ እንደወሰድከው ተቆጥሮ ታክስ ይመጣበታል።

ስለዚህ ባንዴ መውሰድ ከፈለግክ በናትህ ቼኩን አትቀበል! ከጡረታ ፕላኑ በቀጥታ ወደ አይአርኤ ይዛወርልኝ በል፣ ምንም አይቆረጥም፣ ከዛ በየአመቱ ያወጣኸው ላይ ብቻ ትከፍላለህ።