አሜሪካ ስራ ቦታ ላይ ሰላት፣ ጾም፣ ሂጃብና ነጠላ፦ አሰሪው እስከ የት ነው የሚገደደው?

አሜሪካ ዌርሃውስ፣ ነርሲንግ ሆም ወይ ኤርፖርት የሚሰራ ሀበሻ በየአመቱ የሚገጥመው ነገር አለ፣ የኛ ስቅለት ብዙ ጊዜ ከፈረንጆቹ ጋር አይገጥምም፣ ገናም ዲሴምበር 25 ሳይሆን ጃንዋሪ 7 ነው፣ ስለዚህ ካምፓኒው ለሁሉም የሚሰጠው ኦፍ ለኛ አይሰራም። ሙስሊሙ ደግሞ ጁምዓ በየሳምንቱ አርብ በስራ ሰአት መሀል ነው የሚመጣበት። ሀገር ቤት የመንግስት መስሪያ ቤት አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዝግ ስለሚሆን ጁምዓ ለመስገድ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፣ እዚህ ግን ራስህ ካልጠየቅክ ማንም አያስታውስልህም።

ህጉ የ1964ቱ ሲቪል ራይትስ አክት ታይትል ሰባት የሚባለው ክፍል ነው። 15 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለውን አሰሪ ይመለከታል። አሰሪው የሰራተኛውን እምነት ማስተናገድ አለበት፣ ስራው ላይ ከባድ ጫና ካልፈጠረ በስተቀር። ክርክሩ ሁሉ "ከባድ" ምን ያህል ነው የሚለው ላይ ነው። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከትንሽ ወጪ ካለፈ ይበቃል የሚመስል ነገር ስለጻፈ ለ46 አመት አሰሪዎች በቀላሉ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። በጁን 2023 ግን እሁድ አልሰራም ያለ የፔንሲልቬንያ ፖስታ አመላላሽ፣ ጄራልድ ግሮፍ፣ ባቀረበው ክስ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ መስፈርቱን ከፍ አደረጉት፣ አሁን አሰሪው ጫናው ከስራው ጠባይና መጠን አንጻር የሚጎዳ ተጨማሪ ወጪ መሆኑን ማሳየት አለበት። የስራ ባልደረቦች ሀይማኖትህን ስለማይወዱ ብቻ አኩርፈዋል የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ይሄ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። ዲሲ አካባቢ በአሜሪካ ሰአት አቆጣጠር ከሰአት በኋላ ከ3፡00 እስከ ማታ 11፡30 ዌርሃውስ የምትሰራ ሴት ጸሀይ ስትጠልቅ የሚሰገደውን መግሪብ መስገድ ትፈልጋለች እንበል። "5 ሰአት ላይ ብሬክ ስጡኝ" ብላ ከጠየቀች ተሳስታለች፣ ምክንያቱም ጸሀይ ዲሴምበር ላይ 4፡45 ገደማ ትጠልቃለች፣ ጁን ላይ ደግሞ 8፡30 ያልፋል። የተሻለው "ያለኝ የ15 ደቂቃ ብሬክ ከጸሀይ መግባት ጋር አብሮ ይንቀሳቀስልኝ" ማለት ነው፣ የወሩን ሰአት ፕሪንት አድርጋ ለሱፐርቫይዘሯ ትስጠው። ጎን ያለው ሰው ለ10 ደቂቃ ቦታዋን መሸፈን ከቻለ አሰሪው ከባድ ጫና ነው ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማታ ብቻዋን ፍሎሩን የምትጠብቅ ብትሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ታካሚ ጥሎ መሄድ አይቻልም።

ጾም ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አይፈልግም፣ ችግሩ የምሳ ብሬክ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰአት፣ ማለትም በነሱ 3 ፒኤም፣ ለሚጾም ሰው በነሱ 12 ፒኤም ላይ የሚሰጠው ብሬክ ምኑም አይደለም፣ ወደ 3 ፒኤም ይዛወርልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አለባበስ ላይ ትልቁ ጉዳይ የ2015ቱ የልብስ ሻጩ ካምፓኒ የአበርክሮምቢ ክስ ነው። ሂጃብ ለብሳ ለኢንተርቪው የቀረበች ልጅ በሂጃቧ ምክንያት አልተቀጠረችም፣ ፍርድ ቤቱም አሰሪው ሀይማኖታዊ ልብስ መሆኑን በግልጽ ሳይነገረው ቢጠረጥር እንኳን ልብሱን ላለማስተናገድ ብሎ መከልከል አይችልም አለ። "ደንበኛ አይወደውም" ብሎ ጓሮ መደበቅም አይፈቀድም። ሴፍቲ ሲሆን ግን አሰሪው ጠንካራ ክርክር አለው፣ ኮንቬየር አጠገብ የሚንጠለጠል ነጠላ ወይ ረጅም ሻርፕ ማሽን ይይዘዋል፣ ስለዚህ ጠበቅ ያለ ሂጃብ ወይም ማተቡን ሸሚዝ ውስጥ ማስገባት ጥሩ መሀል መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፈለግኩትን ካልሰጡኝ ህግ ጣሱ ብሎ ሲያስብ ነው። አሰሪው ችግሩን በትክክል የሚፈታ ሌላ አማራጭ ካቀረበ፣ ለምሳሌ ለስቅለት ሺፍት ከሌላ ሰው ጋር ቀይር ካለህ፣ ይበቃል፣ ስራ ላይ ብዙ የቆየ ሰው ቅድሚያ የሚያገኝበትን የዩኒየን ሲኒየሪቲ ጥሶ የሌላ ሰው ቀን እንዲወስድልህም አይገደድም። ኡበርና ሊፍት ለሚነዱት ደግሞ፣ በካምፓኒው ዘንድ ተቀጣሪ ስላልሆኑ፣ ይሄ ህግ ብዙም አይደርስላቸውም።

ጥያቄው በጽሁፍ ይሁን፣ "በሀይማኖቴ ምክንያት" የሚለው ቃል ይኑርበት፣ ስቅለት ከሆነ ሳምንታት ቀድሞ ይላክ፣ ሱፐርቫይዘሩ በቃል "እናያለን" ብሎህ ከረሳው በኋላ ማስረጃ የለህምና። እምቢ ብለው ከቀጡህ ወይ ካባረሩህ የስራ ቦታ አድልዎን ለሚከታተለው የፌደራል መስሪያ ቤት፣ ለኢኢኦሲ፣ ማመልከቻ የሚገባው በ180 ቀን ውስጥ ነው፣ የራሱ ተመሳሳይ ህግና መስሪያ ቤት ባለው ስቴት 300 ቀን ይደርሳል። ቀኑ የሚቆጠረው ከተባረርክበት ወይ ከተቀጣህበት ጀምሮ ነው፣ ካምፓኒው ውስጥ ያስገባኸው አቤቱታ መልስ እስኪያገኝ ብለህ ብትጠብቅም ቆጠራው አይቆምም።