ዶሮው ብቻውን ጥቅስ አይሆንም

ጠቃሽ ዘይቤ ማለት ግጥሙ ሌላ የታወቀ ታሪክን ሳይተርክ ሲያስታውሰን ነው። ለምሳሌ ይህችን ስንኝ ጻፍኩ፦

ስሜን ቢጠይቁት እሳት እየሞቀ፣
ዶሮ ሳይጮህ ገና ጓደኛዬ ራቀ።

ዶሮው ብቻውን ቢሆን ንጋት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ግን እሳት መሞቅ፣ ጥያቄና መራቅ አብረውት አሉ። አራቱ የሚገናኙት ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጌታውን ሦስቴ በካደበት ሌሊት ነው። እሳቱን በቡና ቀይሩት፤ ማሚቶው ወዲያው ይደክማል። እኔ ሁሌም እንዲህ ቀይሬ እፈትናለሁ።

ታዲያ ትርጉሙ ምን ሆነ? ጓደኛው ተራ ከዳተኛ አይደለም። ጴጥሮስ የካደው ጠልቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው፤ በኋላም ምርር ብሎ አልቅሷል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደግሞ የከሰል እሳት እንደገና አለ። እዚያ ጴጥሮስ «ትወደኛለህን?» ተብሎ ሦስቴ ይጠየቃል። ስለዚህ በስንኟ ቅሬታ ውስጥ የመታረቅ ተስፋ ተደብቋል። ስንኟ ግን ለቅሶውን አላነሳችም። «ጓደኛው ተጸጽቷል» ካልን ከጻፈችው በላይ ሄድን።

በይሁዳ ብተካውስ? እሳቱ ቀርቶ መሳም ይገባል፤ ተስፋውም አብሮ ይጠፋል።